ዝም ያለ ስልክ ሁሉ የለቀቀ ደንበኛ አይደለም፦ የካርቱም ኔትወርኮች እና የደንበኞች ፍልሰት

በሱዳን ጦርነት ሳቢያ በአውሮፓውያኑ የካቲት 2024 የዛይን፣ የኤምቲኤን እና የሱዳኒ የቴሌኮም አገልግሎቶች ካርቱምን ጨምሮ በበርካታ አካባቢዎች ተቋርጠው ነበር። ስልኮች ጸጥ አሉ። ይህ ግን ደንበኞቹ ኩባንያዎቹን ትተው ሄደዋል ማለት አልነበረም።

ወርሃዊ የደንበኞች ፍልሰት የሚሰላው በወሩ የለቀቁትን በወሩ መጀመሪያ ለነበሩት ደንበኞች በማካፈል ነው። 1 ሺህ ደንበኞች ያሉት ድርጅት 50 አጥቶ 40 አዲስ ቢያገኝ ፍልሰቱ 5 በመቶ እንጂ 1 በመቶ አይደለም። በዚሁ ከቀጠለ ከመጀመሪያዎቹ 1 ሺህ ደንበኞች ከዓመት በኋላ የሚቀሩት 540 ገደማ ናቸው።

አስቸጋሪው ነገር የቅድመ ክፍያ ደንበኛ ሲለቅ አለመናገሩ ነው። በመሆኑም ኩባንያዎች ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለ90 ቀናት፣ ያልደወለን ወይም ካርድ ያልሞላን እንደለቀቀ ይቆጥሩታል። እንደ ካርቱም ባለ ከተማ ይህ ደንብ ኔትወርክ የጠፋበትን፣ የተሰደደውን እና ወደ ተፎካካሪ የዞረውን በአንድ ቁጥር ይጨፈልቃል።

ለመለየት ስልኩ ለመጨረሻ ጊዜ የሠራበትን አንቴና ማየት ይጠቅማል። በአንድ አንቴና ሥር የነበሩ ቁጥሮች በአንድ ቀን ከጠፉ ምክንያቱ የአገልግሎት መቋረጥ ነው፤ ኔትወርክ ባለበት ሰፈር አንድ በአንድ ከጠፉ ግን ደንበኞች እየለቀቁ ሊሆን ይችላል። የዋጋ ቅናሽ የሚሠራው ለእነዚህ ነው። ለተሰደደው የሚበጀው ቁጥሩን ሳይሰርዙ ማቆየት ነው።