የማስታወቂያ ቃል በአማርኛ

ኮካ ኮላ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1886 ሲወጣ አንዱ የማስታወቂያ ቃሉ አንድ የትእዛዝ ቃልና የመጠጡ ስም ነበር። በኢትዮጵያ መጠጡ በጠርሙስ መሞላት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። እንግሊዝኛው ትእዛዝ ለወንድም፥ ለሴትም፥ ለሽማግሌም አንድ ነው፤ በአማርኛ ግን ተርጓሚው «ጠጣ»፥ «ጠጪ»፥ «ጠጡ» ወይም «ይጠጡ» ከማለት አያመልጥም። «ጠጣ» ቢል ሴቲቱን ይተዋል፥ አዛውንቱንም አንተ ይላል። ስለዚህ «ይጠጡ» ይሻላል እንላለን፤ ምንም እንኳ ለወጣት ሲነገር የሆቴል አሳላፊ ንግግር ቢመስል።

እ.ኤ.አ. በ1929 የወጣው ቃል ግን ከዚህ ይከብዳል። ቃል በቃል ሲመለስ «የሚያድስ ዕረፍት» ይሆናል። «ማደስ» ብቻውን ሲነገር ቤትን ወይም መንጃ ፈቃድን ያሳስባል፤ «ዕረፍት»ም ዜና ዕረፍት በሬዲዮ ሲነበብ ለለመደ ጆሮ የሞት መርዶ ነው። የሐሳቡ ፍሬ ሥራን ለጥቂት ጊዜ አቁሞ መጠጣት ስለ ሆነ፥ «አረፍ ብለው ጥምዎን ይቁረጡ» ብንል ያው ሐሳብ በሀገር አነጋገር ይደርሳል። «አረፍ ማለት» ሞትን አያስታውስም፤ ጥምም በአማርኛ ይቆረጣል እንጂ አይታደስም። ትርጉሙ መሳካቱን ለማወቅ እንግሊዝኛውን ላላየ ሰው ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብና «ለማን ነው የተባለው? ምን አድርግ ነው ያለው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።