ተበድረው የሸጡ ነጋዴዎች መግዣ ሲያጡ፦ የቮልክስዋገን አክሲዮን በሁለት ቀን ውስጥ ለምን ተተኮሰ?

ጥቅምት 18 ቀን 2001 ዓ.ም (እ.ኤ.አ ኦክቶበር 28 ቀን 2008) የጀርመኑ የመኪና አምራች ኩባንያ ቮልክስዋገን ለአጭር ጊዜ የዓለማችን በገበያ ዋጋው ከፍተኛው ኩባንያ ሆኖ ነበር። የአሜሪካውን የነዳጅ ኩባንያ ኤክሶን ሞቢልን ሳይቀር በልጦ የተገኘው የዓለም ኢኮኖሚ በፋይናንስ ቀውስ በተመታበትና የመኪና ሽያጭ በየአገሩ እያሽቆለቆለ በነበረበት ወቅት ነው። ከሁለት የሥራ ቀናት በፊት በ210 ዩሮ ገደማ ይሸጥ የነበረው የኩባንያው መደበኛ አክሲዮን በዕለቱ 1 ሺህ 5 ዩሮ ደርሷል። በእነዚህ ቀናት ኩባንያው አዲስ ፋብሪካ አልከፈተም፤ ትርፉም አልጨመረም። ዋጋውን ያናረው በገበያው ቋንቋ ሾርት ስኩዊዝ የሚባለው ክስተት ነው።

ክስተቱን ለመረዳት በቅድሚያ ሾርት ሴሊንግ የተባለውን የግብይት ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል። ይህም በእጅ የሌለን አክሲዮን ተበድሮ መሸጥ ማለት ነው። ነገሩ በእህል ምሳሌ ቢታይ አይከብድም። አንድ ሰው ጤፍ በሚወደድበት በነሐሴ ወር ከጎረቤቱ አንድ ኩንታል ጤፍ ተበድሮ ወዲያውኑ ይሸጠዋል እንበል። አዲሱ ምርት ሲገባ ዋጋው ይረክሳልና ያን ጊዜ አንድ ኩንታል ገዝቶ ዕዳውን ይመልሳል፤ ልዩነቱ ትርፉ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የዕዳው መለኪያ ጤፍ እንጂ ብር አለመሆኑን ነው። ምርቱ ሳይሳካ ቀርቶ ዋጋው በእጥፍ ቢጨምርም ተበዳሪው የሚመልሰው ያንኑ አንድ ኩንታል ነው።

የአክሲዮን ተበዳሪም እንዲሁ ነው። የአንድ ኩባንያ ዋጋ ይወድቃል ብሎ ሲገምት ከደላላ ድርጅት ወይም ከባንክ አክሲዮን ተበድሮ ይሸጣል፤ ለብድሩ ኪራይ ይከፍላል፣ መያዣም ያስይዛል። የኪሳራው ስፋት ግን ገዝቶ ከሚያስቀምጥ ባለሀብት የተለየ ነው። አክሲዮን በ210 ዩሮ የገዛ ሰው ቢበዛ የሚያጣው 210 ዩሮውን ነው። በ210 ዩሮ ተበድሮ የሸጠ ሰው ግን አክሲዮኑ 500 ወይም 1 ሺህ ዩሮ ቢገባ የመግዛት ግዴታው አይነሳለትም። ኪሳራው ጣሪያ የለውም።

ለምሳሌ አንድ ነጋዴ 1 ሺህ አክሲዮን በ210 ዩሮ ተበድሮ ቢሸጥ 210 ሺህ ዩሮ ያገኛል። ገንዘቡ አበዳሪው ዘንድ ይቆያል፤ ነጋዴውም ተጨማሪ 105 ሺህ ዩሮ መያዣ አስያዘ እንበል። አክሲዮኑ 315 ዩሮ በደረሰ ጊዜ መያዣው ተሟጦ ያልቃል። አበዳሪው ግን እስከዚያ አይጠብቅም፤ ዋጋው ወደ ላይ ማምራት እንደጀመረ ተጨማሪ መያዣ እንዲቀርብ ይጠይቃል። ነጋዴው በተሰጠው ጊዜ ካላቀረበ ደላላው ራሱ አክሲዮኑን በገበያው ዋጋ ገዝቶ ሒሳቡን ይዘጋዋል። ዋጋው ውድ መሆኑ በዚህ ጊዜ አይታይም፤ ግዢው የግድ ነው።

የሾርት ስኩዊዝ ምንጭ ይህ የግድ ግዢ ነው። በተለመደው ገበያ ዋጋ ሲወደድ ገዢ ያፈገፍጋል፤ በዚህም ዋጋው ይረጋጋል። ተበድረው የሸጡት ግን ዋጋው በጨመረ ቁጥር ለመግዛት ይገደዳሉ። የመጀመሪያው ተበዳሪ ሲገዛ ዋጋውን ጥቂት ከፍ ያደርገዋል፤ ያ ጭማሪ የሁለተኛውን መያዣ ያሟጥጣል፤ የሁለተኛው ግዢ ደግሞ ሦስተኛውን ይጎትታል። በዚህ ላይ አክሲዮኑን ያበደረው ባለቤት ንብረቴን መልሱልኝ ማለት ይችላል። ሌላ አበዳሪ ካልተገኘ ተበዳሪው መያዣ ቢኖረውም እንኳ ገበያ ወጥቶ መግዛት አለበት።

ይህ ሰንሰለት ግን በማንኛውም ጊዜ አይያያዝም። ለሽያጭ የሚቀርብ በቂ አክሲዮን ካለ ግዴታ ያለባቸው ገዢዎች ጥቂት ከስረው ይወጣሉ፤ ገበያውም አይናወጥም። ነገሩ የሚከፋው ለመመለስ የሚፈለገው አክሲዮን በገበያው ከሚገኘው ሲበልጥ ነው። የቮልክስዋገን ጉዳይ በዚህ ረገድ ለትምህርት የሚመች ነው፤ ስሌቱ በእጅ ጣት ሊቆጠር የሚችል ነውና።

በ2008 ዓመተ ምህረት (እ.ኤ.አ) ፖርሽ የተባለው ስፖርት መኪና አምራች የቮልክስዋገንን አክሲዮን ደረጃ በደረጃ እየሰበሰበ ነበር። የኒደርዛክሰን ክፍለ ግዛት መንግሥትም 20 በመቶ ገደማ የያዘ ሲሆን፣ ለመሸጥ ፍላጎት አልነበረውም። በሌላ በኩል በርካታ ሄጅ ፈንዶች መደበኛው አክሲዮን ከመጠን በላይ ተወዷል ብለው አመኑ። ድምፅ የማይሰጠው የኩባንያው ልዩ መብት አክሲዮን ከመደበኛው በእጅጉ ረክሶ ይሸጥ ስለነበር፣ ብዙዎቹ ርካሹን እየገዙ ውዱን ተበድረው ሸጡ፤ ሁለቱ ዋጋዎች መቀራረባቸው አይቀርም በሚል ስሌት። በወቅቱ ተበድሮ የተሸጠው 12 በመቶ ከሚሆነው መደበኛ አክሲዮን በላይ ነበር። ፖርሽም በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ድርሻውን ወደ 75 በመቶ ለማሳደግ አስቧል የተባለውን ግምት አስተባብሎ ስለነበር፣ ሄጅ ፈንዶቹ በገበያው በቂ አክሲዮን አለ የሚል እምነት ነበራቸው።

ፖርሽ እሑድ ጥቅምት 16 ቀን 2001 ዓ.ም ባወጣው መግለጫ 42 ነጥብ 6 በመቶ አክሲዮን በእጁ መኖሩን፣ ከዚህ ሌላ በ31 ነጥብ 5 በመቶ ላይ በጥሬ ገንዘብ የሚወራረድ ኦፕሽን መግዛቱን አስታወቀ። ኦፕሽኑ ፖርሽን ከዋጋ ጭማሪ የሚጠብቅ ውል እንጂ አክሲዮኑን የሚያስረክብ አልነበረም፤ የጀርመን ሕግም በወቅቱ እንዲገለጽ አያስገድድም ነበር። ሆኖም ውሉን የሸጡት ባንኮች ዋጋው ቢጨምር እንዳይከስሩ ሲሉ አክሲዮኑን ገዝተው የሚያስቀምጡ በመሆኑ፣ ያ 31 ነጥብ 5 በመቶም ከገበያ የወጣ ያህል ነበር። የሁለቱ ድምር 74 ነጥብ 1 በመቶ ነው። የክፍለ ግዛቱ 20 በመቶ ሲታከልበት ለገበያ የሚቀረው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ 12 በመቶ ለመመለስ የሚፈልጉ ተበዳሪዎች 6 በመቶ ብቻ በሚገኝበት ገበያ ሊገዙ ነው። ከዚሁም ላይ ከፊሉ የጀርመንን ዋና የአክሲዮን መለኪያ ዳክስን በሚከተሉ ፈንዶች የተያዘ ነበር። እነዚህ ፈንዶች በደንባቸው መሠረት ቮልክስዋገንን መያዝ ስላለባቸው ዋጋው ስለጨመረ ብቻ አይሸጡም። በዚያ ሳምንት የቮልክስዋገን ክብደት በዳክስ ውስጥ ከሩብ በላይ በመድረሱ፣ የገበያው አስተዳዳሪ ዶቸ ቦርዘ ከተለመደው ጊዜ ውጪ ክብደቱን ለመቀነስ ተገድዷል።

ሰኞ ጠዋት ገበያው ሲከፈት የተከሰተው ከላይ የተብራራው ሰንሰለት ነው። አክሲዮኑ በዕለቱ 520 ዩሮ ዘጋ። በምሳሌያችን የጠቀስነው ነጋዴ የ105 ሺህ ዩሮ መያዣ አስይዞ 310 ሺህ ዩሮ ከሰረ ማለት ነው። በማግስቱ ዋጋው 1 ሺህ 5 ዩሮ ነክቶ በ945 ዩሮ ዘጋ። በዚያ ከፍታ የመደበኛ አክሲዮኖቹ ጠቅላላ ዋጋ ወደ 300 ቢሊዮን ዩሮ ተጠግቶ ነበር። በአንጻሩ ልዩ መብት ያለው አክሲዮን ተመሳሳይ ጭማሪ አላሳየም። ሁለቱም የአንድ ኩባንያ ድርሻ ሆነው ሳለ አንዱ ብቻ መተኮሱ፣ ዋጋው የኩባንያውን ዋጋማነት ሳይሆን የተበዳሪዎቹን ጭንቀት ይለካ እንደነበር በግልጽ ያሳያል።

ረቡዕ ዕለት ፖርሽ ሁኔታውን ለማርገብ እስከ 5 በመቶ የሚደርስ ለገበያ እንደሚለቅ አስታወቀ። ዋጋውም በአንድ ቀን ወደ 517 ዩሮ ገደማ ወረደ። ለመናር ሁለት ቀን የፈጀውን ዋጋ ግማሽ ያህሉን ለመመለስ አንድ መግለጫ በቂ ሆነ። የሾርት ስኩዊዝ መጨረሻ በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ አንድ ትልቅ ባለይዞታ ሲሸጥ፣ ኩባንያው አዲስ አክሲዮን ሲያወጣ ወይም ተገዶ የሚገዛው ሁሉ ገዝቶ ሲጨርስ ከፍተኛውን ዋጋ የሚከፍል ገዢ አይኖርም።

የገበያ ባለሙያዎች ይህን መሰል አደጋ አስቀድሞ ለመገመት በዋናነት የሚመለከቱት ተበድሮ የተሸጠው መጠን በእርግጥ ለገበያ ከሚቀርበው አክሲዮን ጋር ሲነጻጸር ስንት እንደሆነ ነው። ከኩባንያው ጠቅላላ አክሲዮን ጋር የሚደረግ ንጽጽር ያሳስታል፤ የቮልክስዋገን 12 በመቶ ብቻውን ሲታይ የሚያስደነግጥ አይመስልም ነበር። የተሸጠውን መጠን ለአማካይ የቀን ግብይት በማካፈል ተበዳሪዎቹ ሁሉ ለመውጣት ስንት ቀን እንደሚፈጅባቸውም ይሰላል። የብድር ኪራይ በድንገት መወደድም አክሲዮኑ እየጠፋ ለመሆኑ ምልክት ነው።

ይሁን እንጂ ብዙ ተበድሮ የተሸጠ አክሲዮን ሁሉ ይተኮሳል ማለት አይደለም። ተበድረው የሚሸጡት ብዙ ጊዜ የኩባንያውን ድክመት መርምረው የገቡ ናቸው፤ ዋጋውም እንደገመቱት ሲወድቅ ይታያል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2021 ጌምስቶፕ በተባለው የአሜሪካ የኮምፒዩተር ጨዋታ ቸርቻሪ ላይ ተበድሮ የተሸጠው መጠን ለገበያ ከሚቀርበው አክሲዮን 100 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ይህ ሊሆን የቻለው ተበድሮ የተሸጠን አክሲዮን የገዛው ሰው መልሶ ሊያበድረው ስለሚችል ነው። አክሲዮኑ በዚያ ወር 483 ዶላር ቢነካም፣ የአገሪቱ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት፣ ዋጋውን ለሳምንታት ያቆየው በዋናነት የተበዳሪዎቹ ግዢ ሳይሆን የሌሎች ገዢዎች ፍላጎት መሆኑን ገልጿል። የጋዜጦች ርዕስ ሾርት ስኩዊዝ ያለውን ሁሉ በጥንቃቄ ማየት የሚገባውም ለዚህ ነው።

ፖርሽ ቮልክስዋገንን የመጠቅለል ዕቅዱ በዕዳ ብዛት ከሽፎ፣ እ.ኤ.አ በ2012 የመኪና ማምረቻ ሥራው ራሱ በቮልክስዋገን ሥር ገብቷል። በጥሬ ገንዘብ የሚወራረዱ ውሎችንም የማሳወቅ ግዴታ በጀርመን ከዚያው ዓመት ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል። ገበያውን አዛብተዋል በሚል የተከሰሱት የፖርሽ የቀድሞ ዋና ሥራ አስኪያጅ ቬንዴሊን ቪዴኪንግና የፋይናንስ ኃላፊው ሆልገር ሄርተር እ.ኤ.አ በማርች 2016 በሽቱትጋርት ፍርድ ቤት በነጻ ተሰናብተዋል።