የማስታወቂያ ማገጃዎች የክፍያና የመግቢያ ገጾችን ሲያስተጓጉሉ፦ መንስኤውና መፍትሔው

በኢንተርኔት አገልግሎት የሚያገኙ ተገልጋዮች አልፎ አልፎ የሚገጥማቸው ችግር አለ። ቅጹ በትክክል ተሞልቶ «ክፈል» ወይም «ግባ» የሚለው ቁልፍ ሲጫን ገጹ ምላሽ አይሰጥም፤ የስህተት መልእክትም አያወጣም። ተገልጋዩ ኔትወርኩ ተቋርጧል ወይም ሲስተሙ አይሠራም ብሎ ያስባል። ሆኖም መንስኤው በራሱ ብሮውዘር ላይ የተጫነ የማስታወቂያ ማገጃ ወይም የግል መረጃ መጠበቂያ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ በተለይ በክፍያ ገጽ ላይ የሚከሰተውን ችግር መሠረት በማድረግ መንስኤውን፣ የመለያ ዘዴውንና መፍትሔውን ያብራራል።

ቁልፉ እየታየ ለምን አይሠራም?

አንድ የክፍያ ገጽ በስክሪን ላይ አንድ ሆኖ ቢታይም ክፍሎቹ ከተለያዩ አድራሻዎች የሚመጡ ናቸው። ቅጹ ከአገልግሎት ሰጪው ተቋም፣ የክፍያ መቀበያው ከሌላ ድርጅት፣ የማረጋገጫ ኮድ የሚገባበት ሳጥን ደግሞ ከባንክ ሊመጣ ይችላል። ብሮውዘሩ ለእያንዳንዱ ክፍል የየራሱን ጥያቄ ይልካል።

የማስታወቂያ ማገጃ የሚሠራው እነዚህን ጥያቄዎች አስቀድሞ ከተዘጋጀ የአድራሻዎች ዝርዝር ጋር በማመሳከር ነው። ኢዚሊስት ማስታወቂያዎችን፣ ኢዚፕራይቬሲ ደግሞ የተጠቃሚን እንቅስቃሴ የሚከታተሉ ስክሪፕቶችን ለማገድ የሚያገለግሉ በስፋት የታወቁ ዝርዝሮች ናቸው። ጥያቄው በዝርዝሩ ውስጥ ካለ ነገር ጋር ከተመሳሰለ ማገጃው እንዳይላክ ያደርገዋል። የቁልፉን ቅርጽና ቀለም የሚሰጠው ገጹ ራሱ ስለሆነ ቁልፉ ይታያል፤ ሲጫን መሥራት ያለበትን ሥራ የያዘው ስክሪፕት ግን ስላልደረሰ ቁልፉ ባዶ ሆኖ ይቀራል። አንዳንድ ጊዜ የታገደው የክፍያው ስክሪፕት ሳይሆን ጎብኚዎችን የሚቆጥር ሌላ ስክሪፕት ነው። ገጹ የዚያን ስክሪፕት መልስ ካላገኘ ወደሚቀጥለው ደረጃ እንዳያልፍ ሆኖ ከተሠራ ክፍያውም አብሮ ይቆማል። ቪዲዮ ሳይጀምር ጥቁር ሆኖ የሚቀረውም ብዙ ጊዜ በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

የመግቢያ ገጽ ችግር በአብዛኛው ከኩኪ ጋር የተያያዘ ነው። ተጠቃሚው በሌላ ድርጅት አካውንት ሲገባ፣ መግባቱን የሚያስታውሰው ኩኪ የሚቀመጠው በዚያ ድርጅት አድራሻ ስም ነው። ሳፋሪ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያሉትን የሦስተኛ ወገን ኩኪዎች በመደበኛነት ያግዳል። ሌሎች ብሮውዘሮችም ጥብቅ ጥበቃ ሲመረጥ ይገድቧቸዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የይለፍ ቃሉ ተቀባይነት ያገኛል፤ ነገር ግን ገጹ ተመልሶ «ግባ» ይላል።

ክፍያ መሐል ላይ ሲቆም

ለምሳሌ አንዲት ነጋዴ የአገልግሎት ክፍያ የሚጠናቀቅበት የመጨረሻ ቀን ላይ 1,500 ብር በኢንተርኔት ልትከፍል ነው እንበል። «ክፈል» የሚለውን ስትጫን የመጠበቂያው ክብ ምልክት ይሽከረከራል፤ የማረጋገጫ ኮድ የሚገባበት ሳጥን ግን ነጭ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ቁልፉን ደጋግሞ መጫን ተገቢ አይደለም። ሳጥኑ ያልታየው ጥያቄው ስላልተላከ ከሆነ ገንዘቡ አልተነካም። ነገር ግን ገጹ የቆመው ባንኩ ክፍያውን ከተቀበለ በኋላ ከሆነ፣ ሁለተኛው ሙከራ ሁለተኛ ክፍያ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ከባንኩ የመጣ አጭር መልእክት መኖሩን እና የሂሳብ እንቅስቃሴውን ማየት ነው። ገንዘቡ ተቀንሶ ከተገኘ የክፍያውን መለያ ቁጥር መዝግቦ መጠበቅ ይገባል። ባንኩ ለአገልግሎት ሰጪው በቀጥታ የሚልከው ማሳወቂያ በተጠቃሚው ብሮውዘር በኩል ስለማያልፍ ማገጃው አይነካውም፤ ገጹ ቆሞ ቢቀርም ክፍያው ጥቂት ቆይቶ ሊመዘገብ ይችላል። ገንዘቡ ካልተቀነሰ ወደሚቀጥለው ደረጃ ማለፍ ይቻላል።

መንስኤውን መለየት

ቀላሉ ሙከራ ያንኑ ገጽ በብሮውዘሩ የግል መስኮት መክፈት ነው። በክሮምና በፋየርፎክስ ተጠቃሚው ካልፈቀደላቸው በስተቀር ተጨማሪ ፕሮግራሞች በግል መስኮት ውስጥ አይሠሩም። ስለዚህ ገጹ እዚያ ከሠራ ጥርጣሬው በማገጃው ላይ ይወድቃል። ካልሠራ ግን ማገጃው ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ የግል መስኮት ራሱ ኩኪዎችን በጥብቅ ስለሚገድብ በተለይ የመግቢያ ችግር በዚያም ሊቀጥል ይችላል።

እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ተጠቃሚ በኮምፒውተር ላይ F12 ተጭኖ `Console` የሚለውን ክፍል ከከፈተ በኋላ ገጹን እንደገና ሊጭን ይችላል። በክሮም ውስጥ በማገጃ የቆመ ጥያቄ ይህን ጽሑፍ ያሳያል፦

```
net::ERR_BLOCKED_BY_CLIENT
```

ትርጉሙ ጥያቄው የታገደው በተጠቃሚው መሣሪያ ላይ እንጂ በአገልግሎት ሰጪው አይደለም ማለት ነው።

ለአንድ ገጽ ብቻ መፍቀድ

ማገጃውን ማራገፍ ወይም በሁሉም ገጾች ላይ ማጥፋት አያስፈልግም። በቅድሚያ በአድራሻ መስመሩ ላይ ያለው ስም የተቋሙ ትክክለኛ አድራሻ መሆኑ ይረጋገጥ። ቀጥሎ የማገጃው ምልክት ተጭኖ ለዚያ ድረ ገጽ ብቻ እንዲጠፋ ይደረጋል። በፋየርፎክስ ከአድራሻው በስተግራ የጋሻ ምልክት፣ በብሬቭ ደግሞ በአድራሻ መስመሩ ላይ የአንበሳ ምልክት ይገኛል። ከዚያም ገጹ እንደ አዲስ መጫን አለበት፤ ቀድሞ የታገደ ስክሪፕት ገጹ ካልታደሰ አይመጣም። ገጹ ሲታደስ የተሞላው መረጃ ሊጠፋ ስለሚችል ማመልከቻ ቁጥርና ሌሎች አስፈላጊ መረጃዎች አስቀድመው ይገልበጡ። ክፍያው ሲጠናቀቅ ማገጃው ተመልሶ ይበራል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ለውጥ ከሌለ እገዳው ከብሮውዘሩ ውጭ ሊሆን ይችላል። በአንድሮይድ ስልክ `Private DNS` በሚለው ቅንብር፣ በቪፒኤን ወይም በዋይፋይ ራውተር ላይ ማስታወቂያ የሚያግድ አገልግሎት ተሞልቶ እንደሆነ ይታይ። ገጹ በሞባይል ዳታ እየሠራ በዋይፋይ ብቻ የማይሠራ ከሆነ መንስኤው በራውተሩ ላይ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ጥንቃቄና አቤቱታ

እውነተኛ ገጽ ማገጃው ለጊዜው እንዲጠፋ ሊጠይቅ ይችላል። በምትኩ ፋይል እንዲወርድ፣ አዲስ ፕሮግራም እንዲጫን ወይም የማረጋገጫ ኮድ በስልክ እንዲነገር የሚጠይቅ ገጽ ግን የማጭበርበር ምልክት ስለሆነ ወዲያው መዘጋት አለበት።

ማገጃ በሌለበት ሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይም ገጹ ካልሠራ ችግሩ የአገልግሎት ሰጪው ሊሆን ስለሚችል ለተቋሙ ማሳወቅ ይገባል። ማመልከቻው የገጹን አድራሻ፣ ችግሩ የተከሰተበትን ቀንና ሰዓት፣ የብሮውዘሩን ስምና ስሪት፣ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደቆመ እንዲሁም ገንዘብ ተቀንሶ ከሆነ የክፍያውን መለያ ቁጥር መያዝ አለበት። የካርድ ቁጥር፣ የይለፍ ቃልና የማረጋገጫ ኮድ ግን በማመልከቻ ውስጥ አይጻፉም።