በትዕዛዝና በክፍያ መካከል ምንዛሪ ሲለወጥ፦ የደንበኝነት ሂሳብ አያያዝ

የሳዑዲ ሪያል ከእ.ኤ.አ. 1986 ጀምሮ ከዶላር ጋር በ3.75 ተመን ተቆራኝቷል። የኢትዮጵያ ብር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን ወደ 75 ብር ተጠጋ። በዚህ ስሌት አንድ ሪያል ከ15.20 ብር ወደ 20 ብር ገደማ ከፍ ብሏል።

ለምሳሌ በሪያድ ዐዚዚያ የሚኖር አንድ አንባቢ ሐምሌ 19 ቀን የ100 ሪያል ዓመታዊ ደንበኝነት ከአዲስ አበባ አሳታሚ አዘዘ እንበል። አሳታሚው ሽያጩን በዕለቱ ተመን 1,520 ብር ብሎ መዘገበ። ገንዘቡ ሐምሌ 22 ቀን ሲገባ ግን 2,000 ብር ሆነ።

የ480 ብሩ ብልጫ የምንዛሪ ትርፍ ተብሎ ለብቻው ይመዘገባል እንጂ የደንበኛው ተቀማጭ አይደለም፤ ደንበኛው የተጠየቀውን 100 ሪያል በትክክል ከፍሏልና። ስህተቱ የሚፈጠረው ሥርዓቱ ዕዳንና ክፍያን በብር ሲያነጻጽር ነው። ያን ጊዜ ደንበኛው በትርፍ እንደከፈለ ይቆጠራል፤ ብሩ ቢጠነክር ደግሞ ባለዕዳ ተብሎ አገልግሎቱ ይቋረጥበታል። ተመን በተለወጠ ማግስት በብዙ ደንበኞች ላይ ተመሳሳይ ልዩነት በአንድ ጊዜ ከታየ፣ ምልክቱ ይኸው ነው።

ስለዚህ ዕዳው በተጠየቀበት ገንዘብ ይዘጋል፤ የሁለቱም ቀናት ተመን አብሮ ይመዘገባል። ደንበኛው ውሉን ሙሉ በሙሉ ቢሰርዝም የሚመለስለት 100 ሪያል እንጂ 1,520 ብር አይደለም፤ ይህ ብር በአዲሱ ተመን 76 ሪያል ብቻ ነውና።