የስንብት ቃልና የአስተርጓሚው ኃላፊነት በአጋርፋ

ከሮቤ በስተሰሜን ምዕራብ በምትገኘው በአጋርፋ የሕዝቡ የዕለት መነጋገሪያ ኦሮምኛ ነው። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን አማርኛን የመንግሥት ቋንቋ አድርጎ ስለ ደነገገ፣ አማርኛ የማያውቅ ባላገር ከሹም ጋር የሚነጋገረው በአስተርጓሚ አማካይነት ነበር። በዚህ ጊዜ አስተርጓሚውን ከሚያሳስቱት ቃላት አንዱ የስንብት ቃል ነው።

ኦሮምኛ ተናጋሪ ሲለያይ «ወል አርጊና» ይላል፤ ይህም መልካም ምኞት እንጂ ቀጠሮ አይደለም። ቃል በቃል «እንተያያለን» ተብሎ ቢመለስ በአማርኛ ዛቻ ይመስላል። «እንገናኝ» ቢባል ደግሞ ትእዛዝ አንቀጽ ስለሚሆን ሰሚው «መቼ? የት?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያም ያልተጠራ እንግዳ ከባላገሩ ደጅ ይደርሳል፤ ቤቱ ሳይሰናዳ እንግዳ የመጣበት አባወራም ያፍራል።

ቀና የሆነው ትርጉም «ደኅና ያገናኘን» የሚለው ነው። የግሡ ባለቤት ፈጣሪ ስለሆነ፣ ከተሰነባባቾቹ አንዱም ባለዕዳ አይሆንም።

ነገር ግን ጥሪን ሁሉ ወደ ምኞት መለወጥም ስሕተት ነው። «ቦሩ ገባት ወል ሃ አርጊኑ» ሲባል ቀኑም ቦታውም ተለይቷልና «ነገ በገበያ እንገናኝ» ተብሎ መተርጎም አለበት፤ ይህ ቢቀር አንዱ ወገን በገበያ ቆሞ ይውላል። «ወል አርጊና» ራሱም፣ ቀኑ አስቀድሞ በንግግሩ ከተወሰነ በኋላ ሲመጣ፣ ቀጠሮውን ያጸናል። ስለዚህ አስተርጓሚው የስንብቱን ቃል ከመመለሱ በፊት ከእርሱ በፊት የተነገረውን ማስታወስ ይገባዋል።