የአካል ብቃት ቪዲዮ ገላጭ መረጃ

የአካል ብቃት ቪዲዮ ገላጭ መረጃ፣ በሌላ ስሙ ሜታዳታ፣ ተመልካቹ ቪዲዮውን ከመክፈቱ በፊት እንቅስቃሴው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ምን ዕቃ እንደሚጠይቅ፣ የትኞቹን ጡንቻዎች እንደሚያሠራና ለየትኛው የብቃት ደረጃ እንደተዘጋጀ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ነው። ከአራቱ በሰዓት ተለክቶ የሚረጋገጠው ጊዜው ብቻ ሲሆን፣ ደረጃው ግን በአዘጋጁ ግምት ላይ የተመሠረተ ነው።

ጊዜው በትክክል ቢለካም ድካሙን አይለካም። «20 ደቂቃ፣ ያለ ዕቃ፣ ጭንና መቀመጫ፣ ለጀማሪ» ተብሎ የተሰየመ ቪዲዮ አንድ ደቂቃ ማብራሪያ፣ አራት ደቂቃ ማሟሟቂያ፣ 12 ደቂቃ ዋና እንቅስቃሴና ሦስት ደቂቃ ማፍታቻ ሊኖረው ይችላል። በዋናው ክፍል ስድስት እንቅስቃሴዎች በሁለት ዙር፣ እያንዳንዳቸው 30 ሰከንድ ከተሠሩ በኋላ 30 ሰከንድ ዕረፍት እየተሰጠ ከቀጠሉ፣ በዚያ ክፍል ጡንቻ በእርግጥ የሚሠራው ስድስት ደቂቃ ብቻ ነው። ዕረፍቱ ወደ 15 ሰከንድ ዝቅ ብሎ ሥራው 45 ሰከንድ ቢሆን ይኸው «20 ደቂቃ» ዘጠኝ የሥራ ደቂቃዎችን ይይዛል፤ ስያሜው ግን አይለወጥም። ስለዚህ ጠንቃቃ አዘጋጅ የሥራና የዕረፍት ሰከንዶችን ለይቶ ይጽፋል።

ገላጭ መረጃው ኮምፒውተር እንዲያነበው ሲዘጋጅ ጊዜው በዓለም አቀፉ የሰዓት አጻጻፍ ደንብ፣ በ ISO 8601፣ ይሰፍራል፦

```json
{"@type": "VideoObject", "duration": "PT20M"}
```

እዚህ ላይ T ከእሷ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የሰዓት ክፍል መሆኑን ታመለክታለች፤ ብትዘለልና P20M ተብሎ ቢጻፍ 20 ወር ማለት ይሆናል።

«ያለ ዕቃ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ክብደት አያስፈልግም ማለት እንጂ ወንበር፣ ግድግዳ ወይም ምንጣፍ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ዳምቤል ሲጠቀስም ኪሎው ካልተጻፈ፣ ጀማሪው ምን ያህል ክብደት ማንሳት እንዳለበት አያውቅም። የጡንቻው ስያሜ በበኩሉ ዋናውን ሠሪ ብቻ ይጠራል፤ ስኳት «ለጭን» ቢባልም መቀመጫን ያሠራል፣ ወገብና ሆድም ሰውነቱን ቀጥ አድርገው ለመያዝ ይደክማሉ።

ደረጃ መለየት ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ልማድ ሲሆን፣ በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው የጄን ፎንዳ የቪዲዮ ካሴት የጀማሪና የላቀ ክፍል ለየብቻ ነበረው። ችግሩ «ጀማሪ» የሚለው ቃል ስፖርት ለወራት ያቋረጠን ሰውም፣ በሕይወቱ ሠርቶ የማያውቀውንም በአንድነት መጥራቱ ነው። ስያሜው ሐቀኛ መሆኑን ለማወቅ ቪዲዮውን ወደ መሐሉ ገፋ አድርጎ ማየት ይበጃል፤ እየዘለሉ የሚሠሩት ስኳት ካለና ሳይዘሉ የሚሠራ ምትክ ካልታየ፣ ወይም ፑሽ አፕ በጉልበት ተንበርክኮ ወይም በግድግዳ ተደግፎ የሚሠራበት መንገድ ካልቀረበ፣ ቪዲዮው የተዘጋጀው ቀድሞ ለለመደ ሰው ነው።