ረጅም የብስክሌት ጉዞ ስንፈተ ወሲብ ያስከትላልን?

እንደ ባሕር ዳር ባሉ ሜዳማ ከተሞች ብስክሌት የብዙዎች የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ነው። ረጅም ሰዓት የሚነዱ ወንዶች አንዳንድ ጊዜ ብልታቸው ይደነዝዛል፤ ይህም ስንፈተ ወሲብ ያመጣ ይኾን ብለው ይሰጋሉ።

ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ክብደቱን የሚሸከሙት ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ናቸው። የብስክሌቱ መቀመጫ ጠባብ ከኾነ ግን አጥንቶቹ የሚያርፉበት ቦታ ስለማያገኙ ክብደቱ በብልትና በፊንጢጣ መካከል ባለው ለስላሳ ስፍራ ላይ ይወድቃል። ወደ ብልት የሚሄዱ ነርቮችና የደም ሥሮች የሚያልፉት በዚያ ነው። ነርቩ ሲጫን መደንዘዝ ይከተላል፤ የደም ሥሩ ሲጫን የደም ዝውውሩ ይቀንሳል። መደንዘዙ አብዛኛውን ጊዜ ከብስክሌት ሲወረድ የሚጠፋ ቢኾንም ማስጠንቀቂያ ነው።

ስንፈተ ወሲብን በተመለከተ የጥናቶች ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዶቹ ብዙ ሰዓት በሚነዱ ወንዶች ላይ ችግሩ ከፍ ብሎ አግኝተውታል፤ ሌሎች ሰፋፊ ጥናቶች ግን ልዩነት አላዩም። መቀመጫን መቀየር መደንዘዝን እንደሚቀንስ ግን ታይቷል። በ2008 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታተመ ጥናት፣ በብስክሌት የሚሠሩ የአሜሪካ ፖሊሶች ፊቱ ያልሾለ መቀመጫ ለስድስት ወራት ተጠቀሙ። መደንዘዝ አልገጠመንም ያሉት ከ27 በመቶ ወደ 82 በመቶ ከፍ አሉ።

ብዙዎች ጥፋቱን በመቀመጫው ጥንካሬ ያመካኛሉ፤ ይኹንና ከልስላሴው ይልቅ ስፋቱ ይበልጣል። በጣም ለስላሳ መቀመጫ ላይ አጥንቶቹ ይሰምጡና መሐሉ ወደ ላይ ተገፍቶ ያንኑ ስፍራ ይጫናል።

ስፋቱን ለማወቅ ጠንካራ በርጩማ ላይ ካርቶን አንጥፎ፣ ወደ ፊት ጥቂት አጎንብሶ መቀመጥ ነው። ሲነሡ ካርቶኑ ላይ ሁለት ጎድጓዳ ምልክቶች ይታያሉ። ከአንዱ መሐል እስከ ሌላው መሐል ተለክቶ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨመርበታል። ልኬቱ 12 ሴንቲ ሜትር የኾነ ሰው ከኋላ በኩል 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሰፋ መቀመጫ ያስፈልገዋል። መሐሉ ክፍት ወይም ጎድጎድ ያለ ቢኾን ለብዙዎች ይመቻል።

ትክክለኛው መቀመጫም በአግባቡ ካልታሰረ አይጠቅምም። ፊቱ ወደ ላይ ከቀና ብልትን ይጫናል፤ ስለዚህ አግድም ይስተካከል። ከፍታው የሚለካው ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዝ በላዩ ተደርጎ ነው፤ ያኔ እግር ቀጥ ማለት አለበት። ሲነዱ ዳሌ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከኾነ መቀመጫው ከፍ ብሏል። በረጅም መንገድ ላይም በየዐሥር ደቂቃው ለጥቂት ጊዜ ፔዳሉ ላይ ቆሞ መንዳት ደሙ እንዲመለስ ያደርጋል።

መደንዘዙ በማግሥቱም ካልለቀቀ ወይም ደጋግሞ ከመጣ ብስክሌቱን አቁሞ ሐኪም ማማከር ይገባል። መንዳት ከቆመ በኋላ የሚቀጥል ስንፈተ ወሲብ ደግሞ የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ምልክት ሊኾን ስለሚችል፣ በመቀመጫው ብቻ ሳያመካኙ መመርመር ያስፈልጋል።